«አጠፉብን» እና «ጠፋ»፦ ለመምሪያ ኃላፊ የሚጻፍ ደብዳቤ ነገር

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ወርክሾፕ ወይም ፋብሪካ ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት ስለ ገበያ አይደለም። «መብራት አላችሁ?» ነው የሚባባሉት። ጥያቄው የሚገርመው ከጭንቅላታቸው በላይ ለሚያልፈው ነገር ነው። ከጣና በለስ የተነሳው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ የሚያርፈው ሱሉልታ ነው። ከጊቤ ሁለት የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመርም ሰበታ ይደርሳል። አገር የሚያበራ ኃይል በደጃፋቸው እያለፈ እነሱ ጄኔሬተር ያስነሳሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለ ኃይል እጥረት አይደለም። ስለዚያ ብዙ ተብሏል። የምንጽፈው ደጋግሞ ስለሚመጣና በስልክና በምልልስ ስላልተፈታ አንድ ብልሽት፣ ባለንብረቱም ጉዳዩን ወደ መምሪያ ኃላፊ ሲያወጣ ምን ብሎ ሊጽፍ እንደሚገባው ነው። የነጋዴ ማመልከቻ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ግማሹ ምሬት፣ ሩቡ ስድብ፣ የቀረው ሩብ ደግሞ ለቴክኒሻን ምንም የማይጠቅም ወሬ ሆኖ ይገኛል። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ደብዳቤ መልስ የሚያጣው ኃላፊው ስለሚቀየም ብቻ አይደለም። በደብዳቤው ይዞ ወደ ሥራ የሚሄድበት ነገር ስለማያገኝበት ነው።

ነገሩን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልሥራ። ፋብሪካው በምናብ የተሠራ ነው፤ ብልሽቱ ግን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሰበታ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ የሚያመርት ሰው አለ እንበል። መርካቶ ያለ ነጋዴ ቀብድ ከፍሎታል፤ ዕቃውን የሚያስረክብበት ቀን ተቆርጧል። ከግንቦት 4 እስከ 15 ባሉት 10 የሥራ ቀናት መብራት 7 ጊዜ አስቸገረው። አራቱን ጊዜ ጨርሶ ጠፋ። ሦስቱን ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ የቢሮው አምፖል እንደወትሮው ይበራል፣ የመጋዘኑ ግን ይደበዝዛል፣ ሞተሮቹ ያጉረመርማሉ እንጂ አይነሱም። በሁለተኛው ቀን አንድ የ30 ኪሎ ዋት ሞተር ሽታ አወጣና ተቃጠለ። በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ጥሬ ዕቃም ማቅለጫው በርሜል ውስጥ ጠጥሮ ቀረ።

ሰውዬው በየጊዜው ወደ 905 ደወለ። ሦስት ጊዜም ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሄደ። ጨርሶ በጠፋባቸው ቀናት «እየተሠራ ነው» ተባለ። ሞተሩ በተቃጠለበት ቀን ግን የተሰጠው መልስ «ጌታዬ፣ መስመሩ እኮ አለ፤ አልጠፋም» የሚል ነበር። እሱም ቤቱ ሲመለስ «ዓይኔ እያየ ይዋሹኛል» አለ። እንግዲህ ደብዳቤው የተጻፈው በዚህ ስሜት ነው። «የማዕከሉ ሠራተኞች ሆን ብለው መብራት እያጠፉብን፣ ስንጠይቅም እየዋሹን፣ በቸልተኝነታቸው ለኪሳራ ስለዳረጉን» ብሎ ጀመረ። ግልባጩንም ከከተማው ከንቲባ ጀምሮ ለስድስት መሥሪያ ቤቶች ላከ።

የሚያሳዝነው ግን በዚያ ቀን የዋሸ ሰው አልነበረም። ይህን ለመረዳት ኃይሉ ከየት ወዴት እንደሚመጣ አንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ከትልቁ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚወጣው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ፊደር ይባላል። ጣቢያው ውስጥ ፊደሩን የሚቆጣጠር ብሬከር አለ። ፊደሩ መንገድ መንገዱን ሄዶ ወደየመንደሩና ወደየፋብሪካው ቅርንጫፍ ያወጣል። በየቅርንጫፉና በየትራንስፎርመሩ ራስ ላይ ደግሞ ሦስት ፊውዞች ተሰቅለዋል፤ ባለሙያዎቹ ድሮፕ አውት ይሏቸዋል፣ ሲቃጠሉ ዘጭ ብለው ስለሚንጠለጠሉ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲቃጠል ፋብሪካው አንድ ፌዝ ያጣል። በጣቢያው ያለው ብሬከር ግን እንደተዘጋ ይቆያል። ጣቢያውን የሚጠይቅ ሰው «ፊደሩ አለ» የሚል መልስ ያገኛል፤ መልሱም እውነት ነው። ባለፋብሪካው ሞተሬ ተቃጠለ የሚለውም እውነት ነው። ሁለት እውነት የያዙ ሰዎች ናቸው ውሸታም እየተባባሉ የሚጣሉት።

ሌላም ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሏል። ማመንጫውን፣ ከፍተኛ መስመሩንና ትልልቅ ጣቢያዎቹን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያዘ። ስርጭቱን፣ ቆጣሪውንና ደንበኛውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያዘ። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ነው የሚላቸው። ስለዚህ ሰበታ ላይ መብራት ሲቋረጥ ምክንያቱ ከሦስት ቦታ በአንዱ ሊሆን ይችላል። ጣቢያው ውስጥ፣ በመንገዱ ላይ ባለው ስርጭት፣ ወይም (ይህን ማንም መስማት አይወድም) በራሱ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ። ደብዳቤ ጸሐፊው ከሦስቱ አንዱን መርጦ ከወነጀለና ግምቱ ከሳተ ኃላፊው የሚጽፈው መልስ ስለ ብልሽቱ ሳይሆን ስለ ውንጀላው ይሆናል። «ጉዳዩ የእኛ አይደለም» የምትለዋ አንድ መስመር ትበቃዋለች፤ ፋይሉም ይዘጋል።

ታዲያ ከየት እንደመጣ ሳይገምቱ እንዴት ይጻፋል? ቆጣሪው ጋ መቆም ነው። እስከ ቆጣሪው ድረስ ያየኸውንና የለካኸውን ትጽፋለህ፤ ከቆጣሪው ወዲያ ላለው ጥያቄ ትጠይቃለህ። ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ጠቃሚ መረጃ ያለው እዚያው ነው።

በምሳሌያችን ያለው ሰው ፈቃድ ያለውን ኤሌክትሪሺያኑን ጠርቶ ሞተሮቹ በሙሉ ቆመው ዋናው ቦርድ ላይ ቢያስለካ ኖሮ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ያውቅ ነበር። ሞተር እየዞረ የሚወሰድ ልኬት ያሳስታል፤ ሞተሩ ራሱ በጎደለው ፌዝ ላይ ቮልት ይመልሳልና። ጤናማ ሲሆን እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር 220 አካባቢ ያሳያል። ሁለቱ 220 ሆነው ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የተቋረጠው ከትራንስፎርመሩ በታች ነው፤ ያ ደግሞ የራሱ የፋብሪካው ፊውዝ ወይም ገመድ ሊሆን ይችላል። አንዱ 220 ሆኖ ሁለቱ ግማሽ በግማሽ፣ 110 አካባቢ ከሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተለመደው የፋብሪካ ትራንስፎርመር አሠራር ይህ የሚታየው በ15 ኪሎ ቮልቱ በኩል አንድ ፌዝ ሲጎድል ነው። የቢሮው አምፖል ደህና እየበራ የመጋዘኑ የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ጤነኛው ፌዝ ላይ፣ ሌላው ግማሽ የቀረው ላይ ተቀጥሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ልኬቱ የሚወሰደው ቦርዱ ላይ ነው እንጂ ምሰሶ ላይ አይደለም። ፊውዙን በራሱ ሰው ለማስመለስ ምሰሶ የሚያስወጣ ባለፋብሪካ አለ ሲባል እንሰማለን። 15 ሺህ ቮልት ነው። ሰው ይሞትበታል።

ከልኬቱ ቀጥሎ ጎረቤት መጠየቅ ነው። በአንድ ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለው የዱቄት ወፍጮም አንድ ፌዝ ጎድሎበት ከሆነ ብልሽቱ ከሁለታችሁ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ነው ማለት ነው። የእሱ ደህና ከሆነ የእናንተ ትራንስፎርመር ራስ ላይ ያለው ፊውዝ ይጠረጠራል። ትራንስፎርመሩ የግላችሁ ከሆነ ደግሞ ፊውዙ ለምን ደጋግሞ እንደሚቃጠል መጀመሪያ በራሳችሁ ግቢ ማየት ይገባል። ግቢህን አስፈትሸህ ውጤቱን ከደብዳቤው ጋር ስታያይዝ ኃላፊው በቀላሉ ከሚሰጣቸው መልሶች አንዱን ከእጁ አወጣህ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰዓት ነው። በጣቢያው ብሬከሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሰዓቱ ይመዘገባል። የእናንተ መዝገብ ትክክለኛ ሰዓት ካለው ኃላፊው ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ሊያነባቸው ይችላል። በአራቱ ቀናት ብሬከሩ በዚያው ሰዓት ተከፍቶ ከተገኘ ችግሩ የፊደሩ ነው። በሦስቱ ቀናት ጣቢያው ምንም ካልመዘገበ ብልሽቱ ከብሬከሩ በታች፣ በቅርንጫፉ ላይ ነው። አያችሁ፣ «ሁልጊዜ ይጠፋል» የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ አይረዳም። «ግንቦት 6 ከቀኑ 8፡20 እስከ 10፡30» የሚለው ግን አንድን መሐንዲስ ከወንበሩ ያስነሳዋል። ስትጽፉም «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» ማለት አትርሱ፤ ባለሙያው የሚያነበው የኮምፒዩተር መዝገብ በፈረንጅ ሰዓት ሊሆን ስለሚችል 8፡20 የሚለውን ከጎኑ 14፡20 ብሎ መጨመር የስድስት ሰዓት ስህተት ያድናል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። አማርኛችን በአንዲት ቅጥያ ሰው ይከስሳል። «መብራት ጠፋ» ስንል የሆነውን ተናገርን። «መብራት አጠፉብን» ስንል ግን አጥፊ አለ፣ ያጠፋውም እኛን ለመጉዳት ነው አልን። «ሞተሩ ተቃጠለ» እና «ሞተራችንን አቃጠሉብን» አንድ አይደሉም። ደብዳቤው ተጽፎ ሲያልቅ «ብን» ያለበትን ሁሉ በእርሳስ አክብባችሁ ተመልከቱት። ከእያንዳንዱ ጀርባ ማስረጃ የሌለው ክስ አለ። «ሆን ብለው»፣ «በቸልተኝነት»፣ «ደንታ ቢስ» የሚሉትም እንዲሁ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ማየት ይጠይቃሉ፤ እኛ ደግሞ ያየነው ቮልቲሜትር ነው።

ያ የሰበታ ሰው ደብዳቤውን እንደገና ቢጽፍ ጉዳዩ ላይ «በ15 ኪሎ ቮልት መስመር በኩል ተደጋግሞ የታየ መቋረጥና የፌዝ መጉደልን ይመለከታል» ይላል። የደንበኛ ቁጥሩንና የቆጣሪውን ቁጥር ከላይ ያስቀምጣል። ይህ በተለይ ለእነዚህ ከተሞች ግድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ የአስተዳደር አድራሻቸው ስለተለወጠ አንዱ በአዲሱ፣ ሌላው በቀድሞው ቀበሌ ስም ሊጽፍ ይችላል። የቆጣሪ ቁጥርና የትራንስፎርመሩ መለያ ግን በከተማ አወቃቀር አይለወጥም።

ከዚያ ገላው እንዲህ ይቀጥላል እንበል፦

«ከግንቦት 4 እስከ 15 ባሉት 10 የሥራ ቀናት ኃይል 7 ጊዜ ተስተጓጉሏል። በአራቱ ሦስቱም ፌዝ ተቋርጧል፤ በድምሩ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። በሦስቱ አንድ ፌዝ ጎድሏል፤ በድምሩ 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። በነዚህ ሦስት ጊዜያት ሞተሮች ቆመው በዋናው ቦርድ የተለካው ቮልት በየፌዙ 221፣ 108 እና 112 ነበር። የእያንዳንዱ ቀንና ሰዓት፣ ለ905 በተደወለ ጊዜ የተሰጠው የአቤቱታ ቁጥርና ኤሌክትሪሺያኑ የፈረመበት የልኬት ወረቀት ተያይዟል። በጎረቤታችን ባለ ድርጅትም በሁለቱ ቀናት ተመሳሳይ ሁኔታ መታየቱን ገልጸውልናል። ለማዕከሉ ሦስት ጊዜ በአካል አመልክተናል። ሠራተኞቹ በሁለቱ ቀናት መጥተው ፊውዝ ተክተዋል፤ ሆኖም በድጋሚ ጎድሏል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ሠራተኞቹ የሠሩት ሥራ ተጽፏል። ብዙ አመልካች ይህን ይደብቃል፤ መብቱን የሚያሳጣው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ፊውዝ ተተክቶ እንደገና መቃጠሉ በሽታው ሌላ ቦታ እንዳለ የሚያሳይ ምልክት ነው። ኃላፊው ከማዕከሉ ሲጠይቅም ተመሳሳይ ታሪክ ይሰማል፤ ስለዚህ የቀረውንም ያምናል። ማዕከሉም ቢሆን ከሱ አቅም በላይ የሆነውን ነገር ወደ ላይ የሚወስድበት ወረቀት ያገኛል።

ባለፋብሪካው አንድ ነገር ለመጻፍ እጁን እንደሚበላው አውቃለሁ። ከመስመሩ ሥር ያለው የባሕር ዛፍ ነው ብሎ ያምናል። ሊሆን ይችላል፤ ቅርንጫፍ ሽቦ ሲነካ ፊደር ይከፈታል። ነገር ግን ከ7ቱ ቀናት በአራቱ ብቻ ዝናብና ነፋስ ከነበረ የሚጻፈው ይኸው ነው፤ «በአራቱ ቀናት ዝናብና ነፋስ ነበር፣ በሦስቱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ በመስመሩ ሥር ባሕር ዛፍ አለ» ተብሎ። ዛፉን መወንጀል የባለሙያው ሥራ ይሁን።

ጉዳቱም እንዲሁ ይለያል። የተለካ ጉዳት አለ፤ ጄኔሬተሩ 14 ሰዓት ሠርቶ በሰዓት 18 ሊትር፣ በድምሩ 252 ሊትር ናፍጣ፤ አንድ ሞተር፤ የጠጠረው 140 ኪሎ ጥሬ ዕቃ። የተገመተ ጉዳትም አለ፤ የቀረ ትርፍ፣ የተቀየመ ደንበኛ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ደምሮ አንድ ትልቅ ብር መጻፍ የተለመደ ነው። አይጠቅምም። የጥገና ኃላፊ ካሳ አይከፍልም፤ ቁጥሩ ሲያስደነግጠው ጉዳዩን ወደ ሕግ ክፍል ይመራዋል፣ እዚያም ይከርማል። ካሳ የሚፈልግ ሰው ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍ። በዚህኛው ላይ ጉዳት የሚጠቀሰው አስቸኳይነቱን ለማስረዳት ብቻ ነው።

ከዚያም ጥያቄው። «አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን» የሚለው መዝጊያ ለማንም ሥራ አይሰጥም። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ የተያያዙት ሰዓቶች ከጣቢያው መዝገብ ጋር ይመሳከሩልን፣ ከቅርንጫፉ መነሻ እስከ ትራንስፎርመራችን ያለው መስመርና ፊውዝ ይፈተሽልን፣ ፍተሻው የሚደረግበት ቀን ይነገረን። ጣቢያው የሌላው ተቋም ስለሆነ የመጀመሪያውን ጥያቄ እኛ ከምንጠይቅ የስርጭት ኃላፊው ቢጠይቅ መንገዱ አጭር ነው።

ስለ ግልባጭ ደግሞ። በአገራችን ግልባጭ መላክ ራሱ ክስ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ለከንቲባ፣ ለሚኒስትር ግልባጭ የሚልክ ሰው ለኃላፊው «አንተን አላምንህም» ብሎታል፤ ኃላፊውም ከብልሽቱ ይልቅ ለበላዮቹ የሚሰጠውን ማብራሪያ ያዘጋጃል። ለመጀመሪያው ደብዳቤ አንድ ግልባጭ ይበቃል፤ እሱም ለማዕከሉ ኃላፊ። ከጀርባው እንዳልሄዳችሁ ያውቃል። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ግን የገቢ ቁጥርና ቀን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስመትታችሁ ውሰዱ። በኋላ «አልደረሰንም» ቢባል የምትጨቃጨቁበት ነገር አይኖርም።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለስላሳነት አጥፊን መሸፈን አይሆንም ወይ?» ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሠራተኛው ፊውዝ ለመተካት ገንዘብ ጠይቆ ከሆነስ? ያ ብልሽት ሳይሆን ወንጀል ነው። የሚሄደውም ወደ ጥገና ኃላፊ ሳይሆን ወደ ሥነ ምግባር ክፍሉ ወይም ወደ ፀረ ሙስና ነው፤ ቀኑን፣ መጠኑንና ምስክሩን ይዞ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ማድረግ ሁለቱንም ይገድላቸዋል። ጥገናው የምርመራውን ውጤት እንዲጠብቅ ይደረጋል፣ ምርመራውም የብልሽት አቤቱታ ተደርጎ ይታያል።

ይህ አካሄድ የማይሠራበት ቦታም አለ። ፊደሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ከሆነ፣ ወይም የሚያስፈልገው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ከሌለ፣ የጥገና ኃላፊው የፈለገውን ያህል ቅን ቢሆን አይፈታውም። ያኔ ከሱ የሚፈለገው ያንኑ በጽሑፍ መናገሩ ነው። በምሳሌያችን ያለው ሰው ከሳምንት በኋላ ሄዶ ሲጠይቅ «በአራቱ ቀናት ፊደሩ በጭነት ብዛት ተከፍቷል፤ ለሦስቱ ቀናት የቅርንጫፉ መጋጠሚያ ልል ሆኖ ተገኝቶ ተጠግኗል፤ ለጭነቱ ተጨማሪ ፊደር ያስፈልጋል» የሚል ወረቀት ቢሰጠው፣ የጎደለው ፌዝ ነገር አለቀ ማለት ነው። ለቀረው ደግሞ ወደ ሪጅኑ፣ ካስፈለገም ዘርፉን ወደሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚይዘው የራሱን ምሬት ሳይሆን የኃላፊውን ፊርማ ያለበትን ደብዳቤ ነው። ለመርካቶው ነጋዴም ቱቦው መቼ እንደሚደርስ ሲነግረው፣ ጄኔሬተሩ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አስልቶ ነው።